የሌሊት ፈረቃ ሰዓት ኤክሴል ላይ አልደመር አለኝ፤ መልሶቹን ሰብስቤያቸዋለሁ

መጀመሪያ የለጠፍኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ኮምቦልቻ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሂሳብና የሠራተኛ ሰዓት እይዛለሁ። 14 ሰዎች ነን። ጋጋሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ገብተው ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይወጣሉ። በር ላይ ባለው ደብተር መግቢያና መውጫቸውን ይጽፋሉ፣ እኔ ጠዋት ወደ ኤክሴል እገለብጣለሁ። የፈለግኩት ሦስት ነገር ነው። የሠሩት ሰዓት ራሱ ይደመር፣ የእረፍት ደቂቃ ይቀነስ፣ ከ8 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው ደግሞ ራሱ ቀለም ይቀባልኝ። ያገኘሁት ግን ግማሹ ሳጥን ##### የሞላበት፣ ድምሩም የማይታመን ፋይል ነው። ለምሳሌ አንዱ ጋጋሪ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ድምሩ 2:00 ይለኛል።

ምሳሌ እንዲሆን የዚያን ጋጋሪ ሳምንት አብሬ ለጥፌ ነበር። ሰዓቱ እኛ የምንቆጥረው ነው፦

ሰኞ 2:00 ገባ፣ 11:30 ወጣ
ማክሰኞ 2:00 ገባ፣ 11:00 ወጣ
ረቡዕ 10:00 ገባ፣ 7:30 ወጣ
ሐሙስ 2:00 ገባ፣ 12:00 ወጣ
ዓርብ 10:00 ገባ፣ 6:00 ወጣ
ቅዳሜ 2:00 ገባ፣ 12:00 ወጣ

እረፍቱ በየቀኑ 60 ደቂቃ ነው። አምዶቹ ደግሞ እንዲህ ናቸው፦ A ቀን፣ B መግቢያ፣ C መውጫ፣ D የእረፍት ደቂቃ።

ክሩ ረዝሞ 31 መልስ ደረሰ። መሀሉ ላይ ጭቅጭቅ ስለበዛበት አዲስ የሚገባ ሰው ምን እንደተባለ አያገኘውም። ስለዚህ እንደገባኝ ልተርከው።

1ኛው መልስ የመጣው ከደሴ ነው። አብሽር ብሎ ጀመረና ##### ማለት ውጤቱ ከዜሮ በታች ወርዷል ማለት ነው አለ። ኤክሴል ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት ማሳየት አይችልም። ማታ ገብቶ ንጋት የሚወጣ ሰው መውጫው ከመግቢያው ስለሚያንስ ነው ብሎ ይህን ሰጠኝ፦

```
=MOD(C2-B2,1)
```

ሞከርኩት። ##### ጠፋ። ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ረቡዕን ሳየው 21:30 ይላል። ሰውየው ዱቄት ቢሆን እንኳ 21 ሰዓት ተኩል አይቦካም።

2ኛው ሌላ መንገድ አመጣ። ኤክሴል ሴቲንግ ውስጥ የ1904 የቀን አቆጣጠር የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን አብራው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ##### በዚህም ይጠፋል። 3ኛው ግን አልማረውም። ምርጫው ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር እንዲታይ ያደርጋል እንጂ አያስተካክለውም፣ የተሳሳተውን መልስ በግልጽ ታየዋለህ ማለት ነው አለው። ከዚያም በላይ ፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈውን ቀን ሁሉ በ4 ዓመት ከ1 ቀን ይገፋዋል። ሳያውቁ ሰው ገደል አይመሩም ብሎ ጨረሰ። 2ኛው ተቀይሞ ጠፋ፣ እስከ 24 ድረስ አልተመለሰም።

4ኛው ጥያቄውን ጨርሶ አላነበበውም መሰለኝ። ስለ ደመወዝ ግብርና ጡረታ ተቀናሽ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ግን ሌላ ቀን።

ነገሩን የፈታችው 5ኛዋ ናት። ደሴ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፣ ከዚህ በኋላ እቴቴ እላታለሁ፤ ክሩ ላይ ሁላችንም እንደዚያ ጠርተናታል። መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። 10:00 ያልከው በማን ሰዓት ነው አለች። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። 1ኛው የሰጠኝ ፎርሙላ ቀኑ በ24 ሰዓት ይዞራል ብሎ ያምናል። የእኛ ሰዓት ግን በ12 ይዞራል። ደብተሩ ላይ የማታ 2 እና የጠዋት 2 አንድ ናቸው። ስለዚህ ፎርሙላው መዞር ያለበት በ24 ሳይሆን በ12 ሰዓት ነው፣ ማለትም በ720 ደቂቃ።

ሁለተኛው ምክሯ ሁሉንም በደቂቃ ቁጠረው የሚል ነው። ኤክሴል ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀን ክፋይ አድርጎ ነው። አንድ ደቂቃ ለእሱ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባኛ ነው፣ እሱም በኮምፒውተር ቁጥር ልክ አይወጣም፣ ጭራ ይተርፈዋል። በዚህ የተነሳ ልክ 8 ሰዓት የሠራ ሰው አንዳንዴ በዓይን በማይታይ ሽርፍራፊ ከ8 አልፎ ቀለም ይቀባል። እኔ ይህ ደርሶብኝ የኤክሴሉ ቫይረስ ነው ብዬ ነበር። በ1440 አባዝቶ ማጠጋጋት ጭራውን ይቆርጠዋል፦

```
=MOD(ROUND((C2-B2)*1440,0),720)-D2
```

ረቡዕን በእጇ ሠርታ አሳየችን። 10:00 ማለት 600 ደቂቃ ነው። 7:30 ደግሞ 450። ሲቀናነስ 150 ከዜሮ በታች ይወርዳል። በ720 ሲዞር 570 ይሆናል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እረፍቱ 60 ሲወጣ 510 ይቀራል። ደብተሩን አመሳከርኩ፣ ልክ ነው። በዚህ መንገድ የስድስቱ ቀን ውጤት 510፣ 480፣ 510፣ 540፣ 420 እና 540 ሆነ። ድምሩ 3000 ደቂቃ።

6ኛው አልተዋጠለትም። ኤክሴል የተሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ሠራተኞቹን 20:00 እና 06:00 ብለው እንዲጽፉ አስተምራቸው፣ በ24 ዙረው፣ አለቀ አለ። 7ኛው ይህን ሲያነብ ተናደደ። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ንጋት ላይ ስድስት ቀንስ፣ ማታ ከሆነ ደግሞ አሥራ ስምንት ጨምር ይባላል እንዴ፣ ሰዓቱን የሚያጣምም እሱ ሳይሆን ቢሮ የተቀመጠው ይሁን አለ። 8ኛው ሊያስታርቅ ገብቶ ደሴ እንዲህ ትበርዳለች፣ ኮምቦልቻ እንዲህ ትሞቃለች ወደሚል ወሬ ወሰዳቸው። ለአራት መልስ ያህል በሁለቱ ከተሞች መካከል ስላለው የሐረጎ ዳገት ጉም ተጻፈ። አልከፋኝም።

እቴቴ ግን በ13ኛው መልስ ላይ ተመልሳ 6ኛው አንድ ነገር ላይ ትክክል ነው አለች። በእኛ ሰዓት ብቻ ስትጽፍ ርዝመቱን ታውቃለህ፣ ቀን ይሁን ሌሊት ግን አታውቅም። ይህ ደግሞ ገንዘብ ላይ ይመጣል። በአዋጅ 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75። ስለዚህ ወይ የፈረንጁን ሰዓት ጻፍ፣ ወይ አንድ አምድ ጨምረህ ቀን ወይም ሌሊት በል። እኔ አምድ ጨመርኩ። ሰው ማስተማር ያቅተኛል።

ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር። 14ኛው መልስ የራሴ ነው። የጥበቃችንን ሰዓት ስሞላ ውጤቱ ዜሮ መጣ። ከዜሮም 60 የእረፍት ደቂቃ ተቀንሶበት ዕዳ ያለበት ይመስላል። ከማታ 12 እስከ ንጋት 12 ቆሞ ያደረ ሰው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ 12 ሲቀነስ 12 ዜሮ ነው። 15ኛው ሳቀብኝ። ሰዓቱ ዙሩን ጨርሶ መነሻው ላይ ሲደርስ ምንም እንዳልሄደ ይቆጥረዋል አለና አንድ ቀንሶ አዙሮ አንድ መመለስ የሚባል ዘዴ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ዜሮ የነበረው 720 ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ አይለወጥም፦

```
=MOD(ROUND((C2-B2)*1440,0)-1,720)+1-D2
```

ጥበቃው ዳነ። ግን 16ኛው ቶሎ ብሎ ባዶ መስመር ላይ ሞክረው አለኝ። ሞከርኩ። እረፍት የወጣ ሰው፣ ምንም ያልተጻፈበት ቀን፣ 12 ሰዓት ሠርቷል ይላል። ወር መጨረሻ ላይ ሳላየው ባልፍ ኖሮ ባለቤቱ ምን ይለኝ እንደነበር አስቡት።

በዚህ መሀል 17ኛው የራሱን ችግር አመጣ። ከደብተር ሳይሆን ከስልክ ነው የሚሞላው፣ በአማርኛ ኪቦርድ። ድምሩ ሁልጊዜ ያንሳል፣ ስህተት ግን አያሳይም። እቴቴ ሁለቱን ነጥብ አጉልተህ ተመልከት አለችው። የጻፈው የእኛን ሁለት ነጥብ (፡) እንጂ ኤክሴል የሚያውቀውን (:) አይደለም። ለዓይን አንድ ናቸው። ለኤክሴል ግን 2፡30 ቃል ነው፣ እንደ ስም። ሲቀናነስ #VALUE! ይላል፣ SUM ግን ቃሉን ዝም ብሎ ይዘለዋል። የሰውየው ድምር ያነሰው ለዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው። አሰላለፉን ካልነካኸው ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ቃል ወደ ግራ ይጠጋል። 17ኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ሳጥን ግራ ተጠግቶ አገኘሁ ብሎ ተመለሰ።

ለሁለታችንም አንድ ፎርሙላ ሠራችልን። ባዶ ከሆነ ባዶ ይተወዋል። አንዱ ከጎደለ ወይም ቃል ከሆነ ይታይ ብሎ ይጮኻል፦

```
=IF(COUNTA(B2:C2)=0,"",
 IF(COUNT(B2:C2)<2,"ይታይ",
 MOD(ROUND((C2-B2)*1440,0)-1,720)+1-D2))
```

ይህን E2 ላይ አድርጌ ወደ ታች ጎተትኩት። እስከ ዛሬ አልነካሁትም።

ትርፍ ሰዓቱን ለመለየት 18ኛው E2 ከ480 ከበለጠ ትርፍ በል የሚል IF ጻፈልኝ። ግማሽ ልክ ነበር። ባዶ የሚመስሉት መስመሮች ሁሉ ትርፍ አሉ። ለካ ኤክሴል ሲያወዳድር ማንኛውንም ቃል ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል ብሎ ነው የሚይዘው፣ ባዶው ቃልም ቢሆን። መፍትሔው N ውስጥ ማስገባት ነው፣ ቃሉን ዜሮ ያደርገዋል፦

```
=MAX(0,N(E2)-480)
```

ይህ F2 ነው። ቀለሙን ደግሞ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ `=$F2>0` ብዬ ቢጫ አደረግኩት።

የ2:00 ድምርስ? 19ኛው በአንድ መስመር ጨረሰው። 3000 ደቂቃ 50 ሰዓት ነው። የተለመደው h:mm 24 በሞላ ቁጥር ቀኑን ጥሎ ከዜሮ ይጀምራል። 50 ሰዓት ሁለት ቀን ከ2 ሰዓት ስለሆነ 2:00 ብቻ ይታያል። ደቂቃውን ለ1440 አካፍለህ ፎርማቱን `[h]:mm` አድርገው፣ ቅንፏ ናት ወሳኟ አለ። 50:00 መጣ። ያን ያህል ቀን የታገልኩት ለቅንፍ ነው።

ከዚያ ነው ክሩ የጋለው። 20ኛው ፎርሙላችሁ ሌባ ነው አለ። እንዴት ብንለው፣ እረፍቱን ሁሌ 60 ብላችሁ ትቀንሳላችሁ፣ ሊጡ ሲፈላ ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚበላው አለ። ራሱ ዳቦ ቤት ሠርቷል መሰለኝ፣ አነጋገሩ የተቃጠለ ሰው ነው። 21ኛው እረፍት ቢወሰድም ባይወሰድም ይቀነሳል፣ ሥርዓት ነው ብሎ መለሰለት። 22ኛዋ ሁለቱንም ገሠጸቻቸው። የእኛ ሠራተኞች ዓርብ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ እረፍታቸው 90 ደቂቃ ነው፣ በረመዳን ደግሞ ጨርሶ ይለወጣል፣ ስለዚህ D አምድ ውስጥ በፎርሙላ የተቀበረ ቁጥር ሳይሆን በየቀኑ በእጅ የሚጻፍ ደቂቃ ነው መግባት ያለበት አለች። ከደብተሩም ላይ ለእረፍት አንድ መስመር ጨምር አለችኝ። ጨመርኩ። በማግሥቱ ሁለት ጋጋሪዎች 0 ብለው ጻፉ። 20ኛው እውነቱን ነበር።

ያላለቀው ክርክር የጋጋሪው ሳምንት ነው። F ሲደመር 180 ደቂቃ፣ 3 ሰዓት ትርፍ ይመጣል። 23ኛው ግን ሳምንቱ 50 ሰዓት ነው፣ ከ48 የሚበልጠው 2 ሰዓት ብቻ ነው አለ። ዓርብ 7 ሰዓት ብቻ ስለሠራ ያ የጎደለው አንድ ሰዓት ይካካሳል ነው የሚለው። 24ኛው፣ ያ የተቀየመው ሰው፣ ተመልሶ መጣና ሁለቱን ደምራችሁ 5 ሰዓት ክፈሉ አለ። ይህን እንኳ ማንም አልተቀበለውም፣ አንዱን ትርፍ ሁለቴ መቁጠር ነው። እቴቴ 3 ነው ባይ ናት። አዋጁ መደበኛውን ሰዓት በቀን 8 ወይም በሳምንት 48 ይላል፣ ትርፍ ሰዓትን ግን የሚለካው ከቀኑ ሰዓት በላይ በተሠራው ነው አለች። 23ኛው ደግሞ በስምምነት ሰዓት የሚሸጋሸግባቸው ቦታዎች አሉ ብሎ አልተረታም። እኔ 3 ብዬ ሞላሁ። ትርፉ ሁሉ ከምሽቱ 4 በኋላ የተሠራ ስለሆነ 3 በ1.75፣ የ5 ሰዓት ከሩብ ደመወዝ ይሆናል። ባለቤቱ እስካሁን አልፈረመበትም።

ከ25 እስከ 28 ያሉትን ብትዘሉ ምንም አይቀርባችሁም። የዳቦ ግራም፣ የጣት አሻራ ማሽን መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን መርሳቱ፣ እንዲህ እንዲህ። 29ኛው ብቻ ቁምነገር ነበረው። ከኮምቦልቻ ጂቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ማክሰኞ ተነስቶ ሐሙስ የሚገባ ሰው በእናንተ ፎርሙላ ስንት ሰዓት ነዳ አለን። መልሱ አይሠራም ነው። ከ12 ሰዓት በላይ የሆነ ሁሉ በዚህ ፎርሙላ ይጠፋል። ለእሱ ቀኑና የፈረንጁ ሰዓት አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው መጻፍ አለባቸው። ቀኑም በፈረንጅ መሆን አለበት። እቴቴ እንዳሳየችው ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብለህ ብትጽፍ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ቃል ያደርገዋል።

30ኛው መልስ የኔ ነው። የጥበቃውን ሳምንት ጨረስኩ። እረፍቱን 60 ልበል ብዬ ነበር። ግን ሰውየው በሩን ትቶ የት ይሄዳል? 0 ጻፍኩ። በየሌሊቱ 720 ደቂቃ፣ ትርፉ 240፣ በስድስት ሌሊት 24 ሰዓት። ትርፍ ሰዓት በሕግ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም ተብያለሁ። የሳምንቱ ትርፍ ድምር ከ720 ደቂቃ ሲያልፍ ቀይ እንዲሆን አድርጌው ስለነበር፣ ቀይ ሆነ።

31ኛው አትመህ ለባለቤቱ ሰጠኸው ወይ አለኝ። ፋይሉ እስካሁን ዴስክቶፔ ላይ ነው።